አንድ ድርሰት በአምስት አራሚዎች እጅ፦ ውጤቱ እንዲቀራረብ ምን ይደረጋል?

እ.ኤ.አ. በ1961 በአሜሪካ ኢ.ቲ.ኤስ. በተባለው የፈተና ድርጅት የሚሠሩ ተመራማሪዎች ቀላል የሚመስል የአንድ ሙከራ ውጤት ይፋ አደረጉ። የአንደኛ ዓመት የኮሌጅ ተማሪዎች የጻፏቸውን 300 ድርሰቶች ሰብስበው ለ53 አንባቢዎች ሰጡ። አንባቢዎቹ የእንግሊዝኛ፣ የማኅበራዊና የተፈጥሮ ሳይንስ መምህራን፣ ደራሲያንና አርታዒያን፣ የሕግ ባለሙያዎችና የንግድ ሥራ ኃላፊዎች ነበሩ። ሁሉም ድርሰቶቹን በራሳቸው ግምት ከ1 እስከ 9 ባለው ደረጃ እንዲመድቧቸው ተጠየቁ፤ ምን ምን ማየት እንዳለባቸው ግን ሆን ተብሎ አልተነገራቸውም። ከ300ዎቹ ድርሰቶች መካከል 101ዱ ዘጠኙንም ደረጃዎች አገኙ። ያው አንድ ድርሰት በአንዱ አንባቢ ዓይን ከሁሉ የከፋ፣ በሌላው ዓይን ከሁሉ የላቀ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ከአምስት ያነሱ የተለያዩ ደረጃዎች የተሰጡት አንድም ድርሰት አልነበረም።

በአገራችን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በምርጫ ጥያቄ የሚሰጥና መልሱ በማሽን የሚነበብ በመሆኑ፣ ይህ ጉዳይ የብዙ ሰው መነጋገሪያ አይሆንም። ነገር ግን በየክፍሉ የሚሰጠው የታሪክ፣ የአማርኛና የሥነ ዜጋ ፈተና፣ በዩኒቨርሲቲ ያለው የጽሑፍ ፈተና፣ ለውጭ ትምህርት የሚያመለክቱ ሰዎች የሚወስዱት የአይኤልትስ የጽሑፍ ክፍልም ጭምር በሰው ዓይን የሚታረሙ ናቸው። ተማሪው «ወረቀቴ ለእገሌ ቢደርስ ኖሮ» የሚለው ዝም ብሎ አይደለም። ይህ ጽሑፍ የሚያብራራው አንድን ነገር ነው፦ አራሚዎች ፈተናውን ከማረማቸው በፊት በናሙና ወረቀቶች ሲሠለጥኑ በእርግጥ ምን ይደረጋል፣ ሥልጠናው መሥራቱስ በምን ይታወቃል?

## አራሚዎች የሚለያዩት ለምንድን ነው?

የ1961ዱ ጥናት ዋና ጥቅም ልዩነቱን ማሳየቱ ብቻ አይደለም፤ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ መርምሮ ማግኘቱም ጭምር ነው። ተመራማሪዎቹ የትኞቹ አንባቢዎች እርስ በርስ እንደሚመሳሰሉ ሲመለከቱ አምስት ቡድኖች ተለይተው ወጡ። አንዱ ቡድን ከሁሉ በፊት ሐሳቡን፣ ሌላው አደረጃጀቱን፣ ሌላው የጸሐፊውን የራሱ ለዛ፣ ሌላው ሰዋስውና ሥርዓተ ነጥቡን፣ የመጨረሻው ደግሞ የቃላት አመራረጡን ይመዝን ነበር። በመሆኑም አንባቢዎቹ በዘፈቀደ አልሠሩም፤ እያንዳንዳቸው አንድ ነገር በጥንቃቄ ይለኩ ነበር፤ የሚለኩት ነገር ግን የተለያየ ነበር።

ይህን ልዩነት ከሌላ ዓይነት ልዩነት መለየት ያስፈልጋል። ሰው ይደክማል፤ ጠዋት ጥብቅ የነበረ አራሚ ወደ ማታ ይላላል፤ ሦስት ደካማ ወረቀቶች በተከታታይ ያነበበ ሰው አራተኛው መካከለኛ ወረቀት ሲደርሰው ከሚገባው በላይ ያምርበታል፤ የሚያምር የእጅ ጽሑፍም ሳይታወቅ ነጥብ ይጨምራል። እነዚህን ለመቀነስ ዕረፍትና የሥራ ሥርዓት ይረዳሉ። የመጀመሪያው ዓይነት ልዩነት ግን በዕረፍት አይጠፋም፤ አራሚዎቹ ምን እንደሚለኩ እስኪስማሙ ድረስ አብሯቸው ይኖራል። የናሙና ወረቀት ሥልጠና በዋነኛነት የተዘጋጀው ለዚህኛው ነው።

## የማረሚያ መመሪያ ከተዘጋጀ ለምን አይበቃም?

የማረሚያ መመሪያ ለእያንዳንዱ ነጥብ ምን ዓይነት መልስ እንደሚጠበቅ የሚገልጽ ሰነድ ሲሆን፣ አንዳንዶች ሩብሪክ ይሉታል። ለአንድ የ10ኛ ክፍል የታሪክ ጥያቄ የተዘጋጀ መመሪያ እንውሰድ፤ ምሳሌውን ለማብራሪያ ያህል ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ጥያቄው «ኢትዮጵያ በዓድዋ ጦርነት ድል ያደረገችበትን ዋነኛ ምክንያት ምረጥና በማስረጃ አስረዳ» የሚል ሲሆን፣ ከ1 እስከ 6 ነጥብ ይሰጥበታል። መመሪያው «1–2፦ ምክንያቶችን ይጠቅሳል፤ 3–4፦ ምክንያቱን በተወሰነ ማስረጃ ያብራራል፤ 5–6፦ ምክንያቱን በበቂ ማስረጃ ያብራራል፣ ከሌሎች ምክንያቶችም ጋር ያመዛዝናል» ይላል።

ይህን መመሪያ ያነበበ መምህር ሁሉ ይስማማል። ችግሩ የሚመጣው «የተወሰነ» የት አብቅቶ «በቂ» የት እንደሚጀምር ሲጠየቅ ነው። ቡና ቀማሾች ይህን ችግር ከማንም በላይ ያውቁታል። «መካከለኛ ኮምጣጣነት» የሚለውን ሐረግ በመመሪያ ላይ መቶ ጊዜ ቢያነቡትም ትርጉሙን የሚጋሩት አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቆመው ከአንድ ቡና የተቀዱ ሲኒዎችን ሲቀምሱ፣ ነጥባቸውን ለየብቻ ሲጽፉና ከዚያ በኋላ ሲያስተያዩ ነው። በማረሚያ መመሪያ ላይ ያለው ቃልም እንዲሁ ትርጉሙን የሚያገኘው ከተማሪ ወረቀት ነው። «በቂ ማስረጃ» ማለት ይህ በእጃችን የያዝነው ወረቀት ያቀረበውን ያህል ነው ብለው ሲስማሙ ቃሉ መለኪያ ይሆናል።

## የናሙና ወረቀቶቹ እንዴት ይመረጣሉ?

ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይህ ደረጃ ነው፤ በእኔ እምነት ደግሞ የሥልጠናው ግማሽ እዚህ ላይ ያልቃል። ወረቀቶቹ ተማሪዎች በእርግጥ የጻፏቸው መሆን አለባቸው። መምህር ቁጭ ብሎ «የደካማ ተማሪ መልስ» ብሎ የሚጽፈው ነገር ከእውነተኛው ጋር አይመሳሰልም፤ እውነተኛ ደካማ መልስ መካከሉ ላይ አንድ ድንቅ ዐረፍተ ነገር ሊኖረው ይችላል፤ እውነተኛ ጎበዝ መልስም የጦርነቱን ዓመት ሊስት ይችላል።

ዋና አራሚው ልምድ ካላቸው ሦስት ወይም አራት ባልደረቦች ጋር ከተለያዩ ክፍሎችና ትምህርት ቤቶች የመጡ ለምሳሌ 60 ያህል ወረቀቶችን ይሰበስባል። የተማሪው ስም ይሸፈናል። እያንዳንዱ ሰው ወረቀቶቹን ለብቻው ያርማል፤ ነጥቡንም የሚጽፈው በሌላ ወረቀት ላይ እንጂ በመልሱ ላይ አይደለም፤ ምክንያቱም ቀድሞ የተጻፈን ነጥብ ያየ ሰው ባያስበውም ወደዚያው ያዘነብላል። ከዚያ ነጥቦቹ ይነጻጸራሉ። ሁሉም ያለ ክርክር አንድ ነጥብ የሰጧቸው ወረቀቶች ለየደረጃው መለኪያ ይሆናሉ፤ እነዚህ «3 ማለት እንዲህ ነው» ተብለው የሚታዩት ናቸው። የተከራከሩባቸው ደግሞ አይጣሉም። ከክርክሩ በኋላ በአንድ ነጥብ ከተስማሙና ምክንያቱን በሁለት ወይም በሦስት ዐረፍተ ነገር መጻፍ ከቻሉ፣ እነዚያ ለልምምድ ከሁሉ የሚጠቅሙ ወረቀቶች ናቸው። ተከራክረውም መስማማት ያልቻሉበት ወረቀት ካለ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቁመው የመመሪያውን ጉድለት ነውና፣ ሥልጠናው ከመጀመሩ በፊት መመሪያው ይስተካከላል።

## በሥልጠናው ቀን ምን ይደረጋል?

አራሚዎቹ መጀመሪያ መመሪያውንና መለኪያ ወረቀቶቹን ከነነጥባቸውና ከነምክንያታቸው ያነባሉ። ቀጥሎ ነጥባቸው ያልተገለጸ አምስት ወይም ስድስት የልምምድ ወረቀቶች ይሰጧቸዋል። ለየብቻ አርመው ሲጨርሱ ነጥባቸው በሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ ውይይቱም ይጀመራል። የጥያቄያችንን ሁለት ወረቀቶች በቅርበት እንያቸው። የመጀመሪያው በጥሩ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦

«ለዓድዋ ድል ምክንያት የሆኑት አንደኛ የሕዝቡ አንድነት፣ ሁለተኛ የዐፄ ምኒልክ አመራር፣ ሦስተኛ የጦር መሣሪያ ዝግጅት፣ አራተኛ የመሬቱ አቀማመጥ፣ አምስተኛ የጠላት ስሕተት ናቸው። እነዚህ ሁሉ ለድሉ ከፍተኛ አስተዋፅኦ አድርገዋል።»

ሁለተኛው በተዝረከረከ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦

«ጣልያኖች የሚኒሊክ ጦር ስንቁ አልቆ ይበተናል ብለው ጠበቁ። ግን የነሱም ስንቅ እያለቀ ስለነበር ሌሊት ተነስተው ገሰገሱ። ካርታቸው ላይ የተራራው ስም ስለተሳሳተ አንዱ ብርጌድ ከሌሎቹ በጣም ርቆ ሄደ። ስለዚ በአንድ ላይ ሳይሆን ተራ በተራ ተመቱ።»

ከአምስት አራሚዎች መካከል ሁለቱ ለመጀመሪያው 4፣ አንዱ 5፣ ሁለቱ ደግሞ 2 ሰጥተዋል እንበል። የቡድን መሪው «ትክክለኛው 2 ነው» ብሎ አይጀምርም። 5 የሰጡትን «መምህር፣ እርስዎ ከመመሪያው የትኛውን ቃል ይዘው ነው 5 የሰጡት?» ብሎ ይጠይቃል። እሳቸውም «አምስት ምክንያት ጠቅሷል፤ አጻጻፉም የተደራጀ ነው» ይላሉ። ይህን ጊዜ መሪው ወደ ጥያቄው ይመልሳቸዋል። ጥያቄው የሚለው «ዋነኛ ምክንያት ምረጥና በማስረጃ አስረዳ» ነው፤ ወረቀቱ አምስት ጠቅሶ አንዱንም አልመረጠም፣ አንዱንም አላስረዳም። መመሪያው ለመጥቀስ ያስቀመጠው ጣሪያ 2 ነው። አራሚው የሰጡት ነጥብ ለብዛትና ለንጽሕና እንጂ ለተጠየቀው ነገር እንዳልሆነ ራሳቸው ያዩታል። ሁለተኛው ወረቀት ግን አንድ ምክንያት ይዞ አንዱ ነገር ሌላውን እንዴት እንዳስከተለ በአራት ዐረፍተ ነገር አሳይቷል፤ ከሌሎች ምክንያቶች ጋር ስላላመዛዘነ 5 አይደርስም፣ 4 ግን ይገባዋል።

በዚህ ውይይት መካከል መመሪያው ያላሰባቸው ጥያቄዎች ይነሳሉ፤ በአማርኛ ወረቀት ላይ ደግሞ ሁለቱ አይቀሩም። አንዱ የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ነው። «ሠራዊት»ን በ«ሰ»፣ «ዓድዋ»ን በ«አ» የጻፈ ተማሪ ነጥብ ይቀነስበታል ወይስ አይቀነስበትም? የቋንቋ መምህሩና የታሪክ መምህሩ እዚህ ላይ የተለያየ ልማድ አላቸው፤ ካልተነጋገሩበት ደግሞ እያንዳንዱ በየቤቱ እንደ ልማዱ ያርማል። ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። የጦርነቱን ዓመት አንዱ ተማሪ 1888፣ ሌላው 1896 ብሎ ይጽፋል፤ የመጀመሪያው በኢትዮጵያ፣ ሁለተኛው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ትክክል ናቸው። «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብሎ ሳይለይ የጻፈው ተማሪስ? እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲነሳ ውሳኔው ወዲያው ይጻፋል፤ ለሁሉም አራሚ ይታደላል፤ ከዚያ በኋላም ማንም በግሉ አይለውጠውም። ውሳኔው ከሁሉ የተሻለው ባይሆን እንኳ፣ ለሁሉም ተማሪ አንድ መሆኑ ለፍትሕ ይበልጣል።

## አራሚው ለሥራው መድረሱ በምን ይታወቃል?

ከልምምዱ በኋላ የብቃት መለኪያ ይመጣል። አራሚው ነጥባቸው ቀደም ሲል የተወሰነ፣ ለእሱ ግን ያልተነገረው ለምሳሌ 10 ወረቀቶችን ለብቻው ያርማል። ከዚያ የሰጠው ነጥብ ከተወሰነው ጋር ይነጻጸራል። የሦስት አራሚዎችን ውጤት እንይ፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ የቀረቡ ናቸው።

| ወረቀት | 1 | 2 | 3 | 4 | 5 | 6 | 7 | 8 | 9 | 10 |
|---|---|---|---|---|---|---|---|---|---|---|
| የተወሰነው ነጥብ | 3 | 5 | 2 | 4 | 1 | 6 | 4 | 3 | 5 | 2 |
| አንደኛ አራሚ | 2 | 4 | 2 | 3 | 1 | 5 | 3 | 2 | 4 | 2 |
| ሁለተኛ አራሚ | 4 | 3 | 2 | 5 | 1 | 5 | 4 | 4 | 5 | 2 |
| ሦስተኛ አራሚ | 3 | 4 | 3 | 4 | 3 | 4 | 4 | 3 | 4 | 3 |

አማካዩን ብቻ የሚያይ ሰው ይሳሳታል። የተወሰነው ነጥብ አማካይ 3.5 ነው። የሁለተኛውና የሦስተኛው አራሚ አማካይም በትክክል 3.5 ሲሆን፣ የአንደኛው ግን 2.8 ነው። ስለዚህ ችግር ያለበት አንደኛው ብቻ ይመስላል። በትክክል የገጠሙትን ብንቆጥርም አንደኛው 3፣ ሁለተኛው 5፣ ሦስተኛው 4 ወረቀት ላይ ነው የገጠሙት፤ አሁንም አንደኛው መጨረሻ ነው።

ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ስናይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አንደኛው አራሚ የትኛው ወረቀት ከየትኛው እንደሚበልጥ በሚገባ ያውቃል፤ የሚሳሳተው ሁልጊዜ ወደ ታች፣ ሁልጊዜም በአንድ ነጥብ ብቻ ነው። ይህ አራሚ ጥብቅ ነው እንጂ የተዛባ አይደለም። ከ3 ጀምሮ ላሉት ደረጃዎች መለኪያ ወረቀቶቹን እንደገና ቢያስተያይ ሊስተካከል ይችላል። ሁለተኛው አንድ ጊዜ ከፍ፣ አንድ ጊዜ ዝቅ ያደርጋል፤ በሁለተኛው ወረቀት ላይ ደግሞ 5 የሚገባውን 3 ሰጥቷል። ስሕተቶቹ እርስ በርስ ስለሚጠፋፉ አማካዩ ያማረ ሆነ፤ 5 ይገባው ለነበረው ተማሪ ግን የሌላ ተማሪ ነጥብ ከፍ ማለቱ ምንም አይጠቅመውም። ይህን አራሚ ለማስተካከል በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ ምን እንዳየ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜም ከመመሪያው ውጭ የሆነ አንድ ነገር፣ ለምሳሌ የጽሑፉን ርዝመት፣ ይዞ ሲመዝን ይገኛል።

እኔ ከሁሉ የምፈራው ሦስተኛውን ነው። ከ3 እና ከ4 በስተቀር የሰጠው ነጥብ የለም። 1 ለሚገባው ወረቀት 3፣ 6 ለሚገባው 4 ሰጥቷል። መካከሉን የያዘ አራሚ ከማንም ጋር በጣም አይራራቅም፤ ከ10 ወረቀቶች በ8ቱ ላይ ከተወሰነው ነጥብ ቢበዛ በአንድ ብቻ ይለያል፤ ስለዚህ «በአንድ ነጥብ ልዩነት መቀራረብ» ብቻ መስፈርት ከሆነ ያለ ችግር ሊያልፍ ይችላል። በእሱ እጅ ግን ጎበዙና ደካማው ተማሪ ተቀላቅለዋል፤ የታረመ መሰለ እንጂ አልታረመም። ብዙውን ጊዜ እንዲህ የሚሆነው ሥልጠናው አራሚውን ስላስፈራው ነው፤ እንዳይሳሳት ሲል መካከሉ ላይ ይሸሸጋል። ለዚህ ሲባል በልምምድ ወረቀቶቹ ውስጥ ግልጽ የሆኑ 1 እና 6 በቂ ሆነው መግባት አለባቸው፤ መሪውም 6 ለሚገባው 6 መስጠት መፍቀድ ብቻ ሳይሆን መጠየቅ አለበት።

በአጋጣሚ መስማማት የሚባለውም ነገር ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ሁለት አራሚዎች ወረቀቱን ጨርሶ ሳያነቡ ሳንቲም እየወረወሩ 3 ወይም 4 ቢሰጡ፣ በግማሹ ወረቀት ላይ በትክክል ይገጥማሉ፤ በሁሉም ላይ ደግሞ ከአንድ ነጥብ በላይ አይራራቁም። ስለዚህ «50 በመቶ ተስማምተዋል» የሚለው ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግረንም። ለዚህ የተበጀው ኮኸን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1960 ያቀረበው ካፓ የተባለ ስሌት ነው፤ በአጋጣሚ ሊገኝ የሚችለውን ስምምነት ቀንሶ የቀረውን ይለካል። ሳንቲም ወርዋሪዎቹ በካፓ ሲለኩ ወደ ዜሮ ይወርዳሉ። ስሌቱ ለማይመቸው ትምህርት ቤት ደግሞ ቀላል ዘዴ አለ፦ እያንዳንዱ አራሚ ስንት 1፣ ስንት 2፣ እስከ 6 ድረስ ስንት ስንት እንደሰጠ ቆጥሮ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። መካከል ላይ የተሸሸገው ወዲያው ይታያል።

## ሥልጠናው ካለቀ በኋላስ?

በመጀመሪያው ቀን የተስማማ አራሚ በሦስተኛው ቀን እንደተስማማ ይቆያል ማለት አይደለም። ሁለት መቶ ወረቀት ካረመ በኋላ በዓይኑ ውስጥ ያለው «4» በሥልጠናው የታየው ሳይሆን ሰሞኑን ያነበባቸው ወረቀቶች አማካይ ይሆናል። ለዚህ መቆጣጠሪያው ነጥባቸው የተወሰነ ወረቀቶችን ከሌሎቹ ጋር ቀላቅሎ መስጠት ነው፤ ለምሳሌ ከ20 ወረቀቶች አንዱ እንዲህ ዓይነት ሊሆን ይችላል። በእንግሊዝ አገር አብዛኞቹ ወረቀቶች ስካን ተደርገው በኮምፒውተር ላይ ስለሚታረሙ፣ አራሚው የትኛው የመቆጣጠሪያ ወረቀት እንደሆነ ሊያውቅ አይችልም። ነጥቡ ከተፈቀደው ልዩነት ካለፈ የቡድን መሪው ያነጋግረዋል፤ ካልተስተካከለ ከሥራው ይቆማል፣ ያረማቸውም ወረቀቶች ለሌላ ይሰጣሉ። በወረቀት በሚሠራበት ቦታ ደግሞ መሪው በየዕለቱ ከእያንዳንዱ አራሚ ጥቂት ወረቀቶች እያወጣ፣ የተሰጠውን ነጥብ ሳያይ ራሱ እንደገና ያርማል። መንሸራተት ከተገኘ መታረም ያለበት ከዚያ በኋላ ያለው ብቻ አይደለም፤ አራሚው ለመጨረሻ ጊዜ ትክክል ከነበረበት ጀምሮ ያለው ሁሉ ነው።

ከፍተኛ ውሳኔ የሚወሰንበት ፈተና ከሆነ እያንዳንዱ ወረቀት ለሁለት አራሚዎች ይሰጣል። በአንድ ነጥብ ቢለያዩ አማካዩ ይያዛል፤ በሁለትና ከዚያ በላይ ቢለያዩ ግን አማካይ መያዝ ስሕተቱን መሸፈን ነውና ልምድ ያለው ሦስተኛ አራሚ ይወስናል። ሁለተኛው አራሚ የመጀመሪያውን ነጥብና በወረቀቱ ላይ ያሰፈረውን ምልክት ማየት የለበትም። አይቶ የሚያርም ከሆነ አንድ ነጥብ በሁለት ፊርማ ተሰጠ እንጂ ወረቀቱ ሁለት ጊዜ አልታረመም።

## ሥልጠና የማይፈታው ምንድን ነው?

በጽሑፍ ፈተና አራሚዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ሥልጠና በተሻለ የሚያስተካክለው አራሚው ከራሱ ጋር የሚኖረውን ወጥነት ነው፤ ጥብቅ የሆነው ሰው ከሥልጠና በኋላም በመጠኑ ጥብቅ፣ ለስላሳውም በመጠኑ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ አንዳንድ ትላልቅ የፈተና ድርጅቶች የቀረውን የጥብቅነት ልዩነት በስታትስቲክስ ስሌት ያካክሱታል። ይህ የሚቻለው ግን አራሚው ወጥ ሲሆን ብቻ ነው፤ ከላይ ያየነው አንደኛው አራሚ በስሌት ሊስተካከል ይችላል፣ ሁለተኛው ግን አይችልም።

ሁለተኛው ገደብ በጥያቄው ባሕርይ ላይ ያለ ነው። የእንግሊዝ የፈተና ተቆጣጣሪ ኦፍኳል እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ዘገባ፣ ተማሪው የተሰጠው ደረጃ አንድ ከፍተኛ አራሚ ቢያርመው ኖሮ ከሚሰጠው ጋር አንድ የመሆኑ ዕድል በሒሳብ ትምህርት 0.96 ገደማ ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ጥምር ትምህርት ግን 0.52 ገደማ ነበር። እነዚህ አራሚዎች የሠለጠኑና ቁጥጥር የሚደረግባቸው ናቸው። የደረጃ ወሰኖች ተቀራራቢ በሆኑበት ፈተና ጥቂት ነጥቦች ብቻ ተማሪውን ወደ ሌላ ደረጃ ሊያሻግሩት ይችላሉና፣ ቁጥሩ የአራሚዎቹን ስንፍና አያሳይም። የሚያሳየው ረጅም ጽሑፍን ሁለት ብቁ ሰዎች በቅንነት በመጠኑ ሊለያዩበት እንደሚችሉ ነው።

ሦስተኛው ደግሞ መስማማት ራሱ ሊያሳስት የሚችል መሆኑ ነው። አራሚዎቹ «ሁለት ዓመተ ምሕረትና ሦስት ስም የጠቀሰ 5 ያገኛል» ብለው ቢወስኑ በማግስቱ ፍጹም ይስማማሉ፤ ያ የዓድዋ ጥያቄ ግን ማመዛዘንን መለካቱን አቁሞ ሸምድዶ መያዝን ይለካል። በቀጣዩ ዓመት ተማሪዎቹ ይህን ያውቁታል፤ መምህራኑም እንደዚያው ያስተምራሉ። ስለዚህ በሥልጠናው ላይ ስምምነት በፍጥነት ሲመጣ መሪው ሊደሰት ሳይሆን ሊጠይቅ ይገባል፦ የተስማማነው ጥያቄው በጠየቀው ላይ ነው ወይስ ለመቁጠር በሚቀለው ላይ?

## ሦስት መምህራን ብቻ ያሉት ትምህርት ቤት ምን ማድረግ ይችላል?

ኮምፒውተርም ስሌትም ሳያስፈልግ የሥራው ዋና ክፍል በአንድ ከሰዓት በኋላ ይሠራል። ከሁሉም ክፍሎች 12 ወረቀቶች ይመረጣሉ፤ ስማቸው ይሸፈናል፤ ለሦስቱም መምህራን ፎቶ ኮፒ ይደረጋል። ሁሉም ለብቻው አርሞ ነጥቡን በቁራጭ ወረቀት ይጽፋል። በሁለት ነጥብ የተለያዩባቸው ወረቀቶች በቅድሚያ ይወሰዱና ለእያንዳንዱ አንድ ነጥብና ሁለት መስመር ምክንያት ይጻፋል። ቀሪዎቹ ወረቀቶች መታረም የሚጀምሩት ከዚህ በኋላ ነው። እርማቱም ክፍል በክፍል ሳይሆን ጥያቄ በጥያቄ ቢሆን ይሻላል፤ አንዱ መምህር የሁሉንም ክፍል የዓድዋ ጥያቄ፣ ሌላው የሁሉንም ክፍል የሚቀጥለውን ጥያቄ ቢያርም፣ ጥብቁ መምህር ለአንድ ክፍል ብቻ አይደርስም።

ከዚያ ግልጽ ምሳሌ የሚሆኑ ስድስት ወረቀቶች፣ ለየደረጃው አንድ አንድ፣ ከነምክንያታቸው በአንድ ማኅደር ይቀመጣሉ። በሚቀጥለው ዓመት ተመሳሳይ ጥያቄ ሲወጣ መምህራኑ አዲሱን ወረቀት ከመንካታቸው በፊት እነዚያን ስድስቱን፣ ያለፈውን ነጥብ ሳያዩ፣ እንደገና ያርሟቸዋል፤ ነጥቡ ከዓምናው ከተለየም ማኅደሩን ከፍተው ምክንያቱን ያነባሉ።